«ትዕዛዝዎ ደርሶናል» ብቻውን አይበቃም፦ ዋጋን፣ ክፍያንና ጭነትን አስልቶ የሚመልስ ማረጋገጫ

ብዙ ወርክሾፖች የግዢ ትዕዛዝ ሲደርሳቸው የሚመልሱት አንድ መስመር ነው። «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» ከዚያ ብረት ይገዛል፣ ይቆረጣል፣ ይበየዳል። ጠቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገዢው ቫት ዋጋው ውስጥ ያለ መስሎት ነበር፣ ሻጩ ደግሞ በላዩ ላይ እንደሚደመር ነው የሚያውቀው። ገዢው እቃው በሩ ድረስ ይመጣል ብሎ ጠብቋል፣ ሻጩ ግን መኪና የሚልከው ገዢው ነው ብሎ ነበር። ማንም አልዋሸም። ሁለቱም አንድ ወረቀት ይዘው ሁለት የተለያየ ነገር አንብበዋል።

የትዕዛዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይህ ልዩነት ብረቱ ከመቆረጡ በፊት እንዲታይ የሚያደርግ ወረቀት ነው። ሻጩ ትዕዛዙን እንዴት እንደተረዳው በራሱ ቃል ይጽፋል፣ ሂሳቡን እስከ መጨረሻዋ ብር ያሰላል፣ ቀኖቹን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ገዢው አይቶ እንዲፈርም ይልካል። የገዢውን ትዕዛዝ ገልብጦ መመለስ ግን ማረጋገጫ አይባልም። በትዕዛዙ ውስጥ ያለው ብዥታም አብሮ ተገልብጦ ይመለሳልና።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ካለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የተማሪ ዴስክ ያዛል እንበል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው የማስቀምጣቸው፣ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። ትዕዛዙ እንዲህ ይላል፦

«ባለ ሦስት መቀመጫ ዴስክ፣ ብዛት 120፣ የአንዱ ዋጋ 7,500 ብር፣ ድምር 900,000 ብር። ክፍያ 30% ቅድሚያ፣ ቀሪው ሲረከቡ። ማስረከቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ።»

ላዩን ሲያዩት ግልጽ ነው። ግን ቫት አለው ወይስ የለውም? 30 በመቶው የምን 30 በመቶ ነው? «ሲረከቡ» ሲል ሁሉም ዴስክ ሲያልቅ ነው ወይስ በየዙሩ? ርክክቡስ የት ነው፣ ወርክሾፑ በር ላይ ወይስ ትምህርት ቤቱ ግቢ? በዚያ ላይ የወርክሾፑ ፕሮፎርማ የሚጸናው ለ15 ቀን ብቻ ነበር፣ ትዕዛዙ የመጣው ደግሞ በ23ኛው ቀን ነው። ይህ ሁሉ ጥያቄ ተከፍቶ እያለ «ደርሶናል» ብሎ መመለስ አደጋ አለው።

ነገሩ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕግም አለበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1694 መሠረት ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል ያልተስማማ ወይም ቅድመ ሁኔታ የታከለበት መልስ እንደ እምቢታ ይቆጠራል፣ ራሱም አዲስ ሐሳብ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ ወርክሾፑ «እሺ፣ ግን ቫት ይጨመራል» ብሎ ከጻፈ ገና አልተስማማም። ሌላ ሐሳብ አቀረበ ማለት ነው፣ ውል የሚሆነው ትምህርት ቤቱ ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ልዩነት ካለ ደብዳቤው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚቀበር ነገር አይደለም። መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ሳይመጣ፣ በግልጽ መነገር አለበት። አንዳንድ ሻጮች ልዩነቱን ካሳየን ደንበኛው ይሸሻል ብለው ይፈራሉ። ነሐሴ ላይ ከሚሸሽ ሰኔ ላይ ቢሸሽ ይሻላል፤ ሰኔ ላይ ብረቱ ገና አልተገዛም።

ወርክሾፑ ሊልከው የሚገባው ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

«ቀን፦ ሰኔ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ120 ባለ ሦስት መቀመጫ ዴስክ የላኩልን የግዢ ትዕዛዝ ደርሶናል። ትዕዛዙን የተረዳነው ከዚህ በታች በጻፍነው መልክ ነው። ከትዕዛዝዎ የሚለዩ ወይም እኛ የጨመርናቸው ዋና ነጥቦች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በትዕዛዝዎ ላይ ያልተጠቀሰው 15% ቫት ተጨምሯል። ሁለተኛ፣ እቃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ዙር ይላካል።

ዋጋ፦ 120 ዴስክ በ7,500 ብር፣ ከቫት በፊት 900,000 ብር። ቫት 135,000 ብር። ጠቅላላ 1,035,000 ብር (አንድ ሚሊዮን ሠላሳ አምስት ሺህ ብር)። ዋጋው እስከ ደብረ ብርሃን ግቢዎ ድረስ ማጓጓዣን ይጨምራል፣ ከመኪና ማውረድን አይጨምርም። የፕሮፎርማው ጊዜ ያለፈ ቢሆንም ቅድሚያ ክፍያው እስከ ሐምሌ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከገባ በዚሁ ዋጋ እንሠራለን።

ክፍያ፦ ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላው 30%፣ ማለትም 310,500 ብር። የመጀመሪያው ዙር ርክክብ በተፈረመ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ 362,250 ብር። የሁለተኛው ዙር ርክክብ በተፈረመ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ 362,250 ብር። ዊዝሆልዲንግ የሚቀንሱ ከሆነ ደረሰኙን ከክፍያው ጋር ይላኩልን።

ጭነት፦ 60 ዴስክ ዓርብ ነሐሴ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦገስት 14, 2026)፣ ቀሪው 60 ዴስክ ዓርብ ነሐሴ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦገስት 28, 2026) ከአዲስ አበባ ተጭኖ በዚያው ቀን ይደርሳል። ቅድሚያ ክፍያው ከሐምሌ 8 በኋላ ከገባ ዋጋውንና ቀኖቹን ከልሰን በአዲስ ደብዳቤ እናሳውቃለን። ሁለተኛው ጭነት የሚነሳው የመጀመሪያው ዙር ክፍያ ከገባ ነው።

ከላይ በተጻፈው የሚስማሙ ከሆነ ፈርመውና ማህተም አድርገው እስከ ሐምሌ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ይመልሱልን። ፊርማዎና ቅድሚያ ክፍያው እስኪደርሱን ሥራ አንጀምርም።»

አንድ ገጽ አይሞላም። ግን እያንዳንዱ መስመር የገባበት ምክንያት አለው።

ከቫቱ እንጀምር። ትዕዛዙ ላይ 900,000 ብር ብቻ ነው ያለው። ትምህርት ቤቱ «ቫት ውስጡ ነው» ብሎ ካነበበው ከወርክሾፑ እጅ የሚቀረው 782,609 ብር ገደማ ነው፣ ሌላው ለመንግሥት ገቢ የሚሆን ቫት ነው። ወርክሾፑ እንደተረዳው ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ 135,000 ብር ተጨማሪ ያወጣል። ይህ የ18 ዴስክ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር አለ። ገዢው ራሱ የቫት ተመዝጋቢ ነጋዴ ቢሆን የከፈለውን ቫት ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሰዋል፣ ስለዚህ ብዙም ላይከብደው ይችላል። የትምህርት አገልግሎት ግን ከቫት ነፃ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተማሪ ክፍያ ላይ ቫት አይሰበስብም፣ ለዴስኩ የከፈለውንም የሚያቀናንስበት የለውም። ለእሱ 135,000 ብሩ ከኪሱ የሚወጣ እውነተኛ ወጪ ነው፣ በጀቱንም የያዘው በ900,000 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የምትል አንዲት ሐረግ አትበቃም። ከቫት በፊት ያለው፣ ቫቱና ጠቅላላው ሦስቱም በብር መቀመጥ አለባቸው። ሰው ሐረግን ያልፈዋል፣ ድምሩን ግን ሳያይ አያልፍም።

ክፍያው ላይ ያለው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። 30 በመቶ ከ900,000 ላይ ከተሰላ 270,000 ነው፣ ከ1,035,000 ላይ ከተሰላ 310,500። የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ የገዢው ሂሳብ ክፍል የመሰለውን ይልካል። ወርክሾፑ «ጎደለ» ይላል፣ የገዢው ሂሳብ ክፍል ደግሞ «ሞልቻለሁ» ይላል። አንድ ሳምንት በዚህ ይባክናል። በመቶኛ የተነገረ ክፍያ ሁሉ አጠገቡ በብር መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ዊዝሆልዲንግም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፍል ሕጉ የሚያዘውን ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል፣ ስሌቱም ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ ባንክ የሚገባው ገንዘብ ደብዳቤው ላይ ካለው ያንሳል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ደረሰኙ እስካለ ድረስ። ደረሰኙ ካልመጣ ግን ወርክሾፑ ዓመቱ ሲዘጋ ከግብሩ ላይ የሚያስቀንስበት ማስረጃ የለውም። አስቀድሞ አንድ መስመር መጻፉ በኋላ ከሚመጣ የስልክ ጋጋታ ያድናል።

ደብዳቤው «ቅድሚያ ክፍያ» ይላል እንጂ «ቀብድ» አይልም። ሆን ተብሎ ነው። በሰፈር ቋንቋ ሁለቱን አንድ አድርገን እንጠቀማቸዋለን፣ ሕጉ ግን ለቀብድ የተለየ ውጤት ሰጥቶታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፍ መልሶ ማፍረስ ይችላል። አስቡት እንግዲህ። ወርክሾፑ 310,500 ብር «ቀብድ» ብሎ ከተቀበለና ሥራው ከበዛበት፣ ለመውጣት 621,000 ብር መመለስ ሊጠየቅ ነው። ትምህርት ቤቱም 60 ዴስክ ተበይዶ ካለቀ በኋላ «ቀብዱን ውሰዱት፣ ውሉ ይቅር» ሊል ይችላል። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ያለ የመውጫ በር ከፈለጉ ይጻፉት፣ መብታቸው ነው። ካልፈለጉ ግን ገንዘቡ የዋጋው ከፊል ቅድሚያ ክፍያ እንደሆነ በደብዳቤውም በደረሰኙም ላይ በአንድ ስም ይጠራ።

አሁን ወደ ጭነቱ። «እስከ ነሐሴ መጨረሻ» ለትምህርት ቤት የልብ ምት ነው፣ መስከረም ሲጠባ ልጆች ይመጣሉ። ወርክሾፑ ግን በቀን የሚበይደው የተወሰነ ነው፣ ቀለሙም ሳይደርቅ አይጫንም። በሁለት ዙር መላኩ ለሁለቱም ይጠቅማል። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዎቹን 60 ቀድሞ ያያል፣ ብየዳው ከላላ ወይም የመቀመጫው ከፍታ ከተሳሳተ ሁለተኛው ዙር ሳይጠናቀቅ ይናገራል። ወርክሾፑም የቀሪውን ክፍያ ግማሽ በሁለቱ ዙር መሃል ያገኛል። ቀኖቹን ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው ርክክብ ነሐሴ 8 ከተፈረመ 5 የሥራ ቀኑ እስከ ነሐሴ 15 ያልቃል። ሁለተኛው ጭነት ነሐሴ 22 ነው። ክፍያው ቢዘገይ እንኳ የሚነጋገሩበት ሳምንት አላቸው። ሁለተኛው ጭነት ነሐሴ 12 ቢሆን ኖሮ «ክፍያ ሳይገባ አይነሳም» የሚለው ቃል የገዢው ጊዜ ሳያልቅ መኪናውን ያስቆመው ነበር። ሁለት የየራሳቸው ትክክለኛ አንቀጾች እንዲህ ሲጋጩ አያለሁ። ክፍያውንና ጭነቱን አንድ ካሌንደር ላይ አስቀምጦ ማየት ይህን ያሳያል።

ቀን ሲጻፍ ደግሞ በቁጥር ብቻ አይጻፍ። «8/12 እናደርሳለን» ቢባል ለአንዱ ነሐሴ 8 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሠራው የሂሳብ ክፍል ዲሴምበር 8 ነው፣ ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ ለሚያነበው ደግሞ ኦገስት 12 ነው። ሦስት ንባብ፣ ልዩነታቸውም ወራት ሊደርስ ይችላል። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመተ ምሕረቱን ከነመለያው፣ ከተቻለ የሳምንቱን ቀንና የፈረንጁን አቆጣጠር አብሮ መጻፍ ነው መፍትሔው። የሳምንቱ ቀን በተለይ ስህተት ያጋልጣል። «እሁድ» ሆኖ ከተገኘ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ዝግ ነው።

«መነሳት»ና «መድረስ»ም ተለይተው ይጻፉ። አይሱዙው ከወርክሾፑ የሚወጣበት ቀን ነው ወይስ ግቢ የሚገባበት? አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ በአንድ ቀን ያልቃል። ለባሕር ዳር ወይም ለጎንደር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቀን ይለያያሉ። ቦታው ካልተጠቀሰ ደግሞ ሕጉ ርክክቡን በመደበኛነት ሻጩ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው የሚያደርገው፣ ይህ ግን የትምህርት ቤቱ ሐሳብ አልነበረም። ማውረዱም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። 60 ዴስክ ይዞ በር ላይ የቆመ መኪና፣ ጫኝና አውራጆቹ ዋጋ እየተከራከሩ፣ ሾፌሩ ሰዓት እየቆጠረ… ማን እንደሚከፍል ደብዳቤው ላይ ካለ የግቢው ጥበቃ እንኳ ያውቀዋል።

ገዢው በኩል እንሁን። ደብዳቤው ሲደርስ የራሱን ትዕዛዝና የሻጩን ፕሮፎርማ አጠገቡ አስቀምጦ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረገ መስመር በመስመር ያመሳክር። ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ ድምር፣ ቀን። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩንም ፕሮፎርማው ላይ ካለው ጋር ያነጻጽር። ከተለየ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ድሮ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ይጠይቅ፣ አዲሱ ደብዳቤ ላይ ባለው ስልክ አይደለም። በሻጭ ስም ተመስሎ የሂሳብ ቁጥር ቀይሮ የመላክ ማጭበርበር በየአገሩ ያለ ነው።

መልሱም የሚገባውን ቃል ይያዝ። በቴሌግራም «ደርሶናል» ማለት ወይም አውራ ጣት መላክ መድረሱን ነው የሚናገረው። «በሰኔ 25ቱ ደብዳቤያችሁ በተጻፈው ዋጋ፣ አከፋፈልና የጭነት ቀን ተስማምተናል» ከተባለ ሌላ ነው። የሚፈርመውም ማን እንደሆነ ይታይ። የግዢ ሠራተኛው ደብዳቤ ሊቀበል ይችላል፣ 135,000 ብር የሚጨምር ለውጥ ላይ ለመስማማት ግን ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። በዚህ ምሳሌ የርዕሰ መምህሩ ወይም የባለቤቱ ፊርማና ማህተም ያስፈልጋል።

ዝምታስ? አንዳንድ ሻጮች «በ3 ቀን መልስ ካልሰጡ እንደተስማሙ እንቆጥራለን» ይላሉ። ለአዲስ ደንበኛ በዚህ መተማመን አይቻልም። ዝም ማለት መስማማት አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1682 መነሻ ይኸው ነው። በመካከላቸው የቆየ የንግድ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች ቁጥር 1684 የተለየ በር ይከፍታል። ያለውን ውል ለማራዘም፣ ለመለወጥ ወይም በላዩ ለመጨመር የቀረበ ሐሳብ፣ ራሱን በቻለ ጽሑፍ ቀርቦና መልስ ካልመጣ እንደተቀበሉት እንደሚቆጠር ተገልጾ ከሆነ፣ በተገቢ ጊዜ ካልተቃወሙት ሊጸና ይችላል። በየዓመቱ የሚያዝዝ ደንበኛ ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት መሳቢያ ውስጥ ቢተወው ጉዳት ሊያመጣበት ይችላል። ካልተስማማ በጽሑፍ «አልተስማማንም» ይበል።

ገዢው አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ቢፈልግስ? ትምህርት ቤቱ «ነሐሴ 22» የሚለውን ሰርዞ «ነሐሴ 18» ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማህተም አድርጎ ቢመልስ ብዙ ሰው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ኳሱ ተመልሶ ወርክሾፑ ጋ ነው፣ ይህም እንደገና አዲስ ሐሳብ ነው። ወርክሾፑ ከተቀበለው «ማሻሻያ 1» ብሎ ሙሉውን ደብዳቤ በአዲስ ቀን ያውጣ፣ «የሰኔ 25ቱን ደብዳቤ ይተካል» የሚል መስመር ይጨምርበት፣ ሁለቱም ይፈርሙ። የተሰረዘ፣ የተደለዘና በጎኑ የተጻፈበት ወረቀት ፋይል ውስጥ ሲገባ ከወራት በኋላ የትኛው ቀን እንደጸና ማንም አይለየውም።

ቅድሚያ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። ሐምሌ 8 ሊገባ የታሰበው 310,500 ብር ሐምሌ 15 ገባ እንበል። ወርክሾፑ ደብዳቤው ላይ «እንከልሳለን» ስላለ ብቻ ዝም ብሎ እንዳይቀጥል። ገንዘቡ በገባ ማግስት አጭር ማሻሻያ ይላክ፦ የብረት ዋጋ ካልጨመረ «ዋጋው እንዳለ ነው»፣ ጭነቶቹ ደግሞ በ7 ቀን ተገፍተው ዓርብ ነሐሴ 15 እና ዓርብ ነሐሴ 29። ሁለተኛው ቀን አሁንም ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ነው፣ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የተረፈው። ትምህርት ቤቱ ይህን ሐምሌ 16 ላይ ካወቀ የመጀመሪያዎቹን 60 ዴስኮች ለየትኞቹ ክፍሎች እንደሚያደርግ ያቅዳል፣ ወይም በአንድ ዙር ብዙ እንዲጫንለት ይጠይቃል።